አንድ አድራሻ፣ ብዙ ካርድ፦ ሌባውን ከቤተሰቡ በምን እንለየው?

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ በአረፋ ዋዜማ ማታ ደወለልኝ። ሱቁ ስጦታ ያደርሳል። ውጭ አገር ያለው ልጅ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ በካርዱ ይከፍላል፤ እነሱ ደግሞ በግ፣ ኬክ፣ ቡና፣ አንዳንዴም ሞባይል ድሬዳዋና ሐረር ላለው ቤተሰብ ያደርሳሉ።

«አቦ፣ ሲስተሙ የአንዲት እናት በግ ያዘብኝ» አለኝ። «ቤታቸው ሳቢያን ሰፈር ነው። በአራት ካርድ አራት ነገር ታዘዘላቸው። ልላከው ወይስ ልተወው?»

ሲስተሙ በጉን የያዘው በአንድ ሕግ ነው። በ7 ቀን ውስጥ ወደ አንድ አድራሻ 3 የተለያዩ ካርዶች ከከፈሉ ትዕዛዙ ይቆማል። ሕጉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የተሰረቀ ካርድ በብዛት የያዘ ሰው ካርዱን እንደ ልቡ ይለዋውጣል። እቃ የሚቀበልበት በር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ሱቆች መጀመሪያ የሚቆጥሩት ይህንኑ ነው።

ድሬ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እኚህ እናት አራት ልጆች ውጭ አሏቸው። አንዱ በግ ገዛ፣ ሌላዋ ኬክ፣ ሌላው ቡናና ስኳር፣ ትንሿ ደግሞ ሽቶ። እርስ በርስ እንኳን አልተነጋገሩም። አንድ ቤት፣ አራት ካርድ፣ አንድ ሳምንት። በዓል ሲመጣ እንዲህ ያለ ቤት ከተማው ሙሉ ነው።

ወዳጄ ደውሎ አጣርቶ በጉን ላከ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። በዚያው የአረፋ ሳምንት የወጡ 3 ሞባይሎች ቻርጅባክ ተደረጉበት። ማለትም የካርዶቹ ባለቤቶች «እኛ አልገዛንም» ብለው ለባንካቸው አመለከቱ፣ ባንኩም ገንዘቡን ከሱቁ መልሶ ወሰደ። ሞባይሎቹ ሲወጡ ያ ሕግ ትንፍሽ አላለም። በግ የያዘው ሕግ ሞባይሉን አሳለፈ።

ከዚያ ነው ኮምፒውተሩን ከፍተን ቁጭ ያልነው። እዚህ የማወዳድራቸውም ያኔ የሞከርናቸውን አማራጮች ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ምን እንቁጠር የሚለው ነው። ሁለተኛው በምን እንቁጠር የሚለው ነው። ሰው ሁሉ የሚጣደፈው ወደ ሁለተኛው ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው ግን በመጀመሪያው ላይ ነው።

## ምን እንቁጠር? አድራሻ፣ ስልክ ወይስ የከፋዩ አካውንት

የሞባይሎቹን ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ። በሁለት ቀን ውስጥ 11 የክፍያ ሙከራ ተደርጓል። 8ቱን ባንኮቹ ውድቅ አድርገዋቸዋል፤ 3ቱ አልፈዋል። በጠቅላላው 7 ካርድ ተሞክሯል። የከፋይ አካውንቶቹ ሁለት ናቸው። የተቀባይ ስልክም ሁለት ነው። አድራሻው ግን ሦስት ቦታ ይመስላል። በመጀመሪያው ትዕዛዝ `ሳቢያን ታክሲ ማዞሪያ` ይላል። በሁለተኛው `ሰቢያን ማዞሪያው ጋ`፣ በሦስተኛው ደግሞ `Sabian mazoria`። ለእኛ አንድ ቦታ ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት የማይተዋወቁ ቦታዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የከፈለላቸው ካርድ አንድ ብቻ ነው።

አድራሻ ላይ የተመሠረተ ቆጠራ የመጣው ቤት ሁሉ ቁጥር፣ መንገድ ሁሉ ስም፣ ሰፈር ሁሉ ፖስታ ኮድ ካለው አገር ነው። እኛ ጋ አድራሻ ማለት ወሬ ነው። «ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴው በር»። የፊደሉን ልዩነት ማስተካከል ይቻላል። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር ትንሽ ሰንጠረዥ ይበቃል፤ ሐረርና ሀረር ያኔ አንድ ይሆናሉ። ግን አንዱ «ማዞሪያው ጋ»፣ ሌላው «ከፋርማሲው ፊት ለፊት» ካለ የትኛውም የፊደል ማስተካከያ አያገናኛቸውም። ተቃራኒ ችግርም አለ። ማዞሪያው ጋ የሚቀበሉ ሃምሳ ንጹሐን ሰዎች ይኖራሉ። እኔ አድራሻን ለቆጠራ አልጠቀምበትም። ሌላ ነገር ከጠረጠርኩ በኋላ ለማመሳከር እንጂ።

ስልክ ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የዴሊቨሪው ልጅ ባጃጁን አቁሞ መደወል አለበት። ያለ ስልክ በሩን አያገኘውም። ሌባው ስምም አድራሻም ሊፈጥር ይችላል፣ የሚነሳ ስልክ ግን መስጠት ግዴታው ነው። ሲም ካርድ ደግሞ በመታወቂያ የሚወጣ ስለሆነ እንደ ኢሜይል በደቂቃ አሥር አይወጣም።

ስልኩን ከመቁጠራችሁ በፊት ግን አንድ መልክ አስይዙት። አንዱ `0915` ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው `+251915`፣ ሌላው `915`። የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ውሰዱ። በ09 የሚጀምሩትን ብቻ የሚያጣራ አሮጌ ኮድ ካላችሁም በ07 የሚጀምሩትን እንዳይጥል እዩ። ሳፋሪኮም የኔትወርክ ሙከራውን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ስለሆነ 07 እዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወዳጄ ሪፖርቱን የሚያወጣው ከተሳኩ ትዕዛዞች ብቻ ነበር። ውድቅ የተደረጉት 8 ሙከራዎች በሌላ ሠንጠረዥ ተኝተው ማንም አያያቸውም። በስልክ ቆጥሮ እንኳ ቢሆን ኖሮ አይይዝም ነበር። የመጀመሪያው ስልክ ሁለት የተሳካ ካርድ አለው፣ ሁለተኛው አንድ። 3 አይሞላም።

ውድቅ የሆኑትን ጨምራችሁ ስትቆጥሩ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። በመጀመሪያው ስልክ የነበረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ካርድ አንድ ውድቅ ሆነ። ያው ካርድ በርካሽ ሞባይል እንደገና ተሞከረ፣ ውድቅ። ካርድ ሁለት ውድቅ። ካርድ ሦስት ውድቅ። ካርድ አራት አለፈ። ካርድ አምስትም አለፈ። እንግዲህ ሦስተኛው ካርድ የታየው በአራተኛው ሙከራ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሞባይል ያለፈው ደግሞ በአምስተኛው። አንድ ሙከራ ቀደም ብሎ ይያዝ ነበር ማለት ነው። በሁለተኛው ስልክ 5 ሙከራና 3 ካርድ ነበር። ሦስተኛው ካርድ የታየው ክፍያው ባለፈበት ቅጽበት ነው፤ እቃው ገና ከሱቅ ስላልወጣ እሱም ይደረስበት ነበር።

እንዲህ ስታደርጉ እናትየውስ? በስልክ ከተቆጠረ እሳቸውም 4 ካርድ ስላላቸው ይያዛሉ። እዚህ ላይ ነው የከፋዩ አካውንት የሚገባው። አራቱ ልጆች በአራት አካውንት ገብተው እያንዳንዳቸው በአንድ ካርድ ነው የከፈሉት። የሞባይሉ ሰው አንደኛ አካውንት 5 ካርድ፣ ሁለተኛው 3 ካርድ ሞክሯል። ጎን ለጎን ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦

| በምን ስንቆጥር | እናትየው | ሞባይሎቹ |
|---|---|---|
| የተሳካ ካርድ በአድራሻ | 4 | 1፣ 1፣ 1 |
| የተሳካ ካርድ በስልክ | 4 | 2፣ 1 |
| የተሞከረ ካርድ በስልክ | 4 | 5፣ 3 |
| የተሞከረ ካርድ በአካውንት | 1፣ 1፣ 1፣ 1 | 5፣ 3 |
| ውድቅ የሆነ ሙከራ | 0 | 8 |

የመጀመሪያው መስመር ነው ሱቁ ሲጠቀምበት የኖረው። እናትየውን ይይዛል፣ ሌባውን ይለቃል። አራተኛው መስመር ሁለቱን በትክክል ይለያል። እኔ ከአንድ መስመር በላይ የማትቆጥሩ ከሆነ እሱን ምረጡ እላለሁ።

ድክመት አለው፤ አልደብቅም። ድረ ገጹ ያለ ምዝገባ ማዘዝ የሚፈቅድ ከሆነ ሌባው በየካርዱ አዲስ ኢሜይል ይፈጥርና እያንዳንዱ አካውንት 1 ካርድ ብቻ ይኖረዋል። ለዚያ ቀን ሁለተኛ ሕግ ያስፈልጋል። አንድ የተቀባይ ስልክ 3 ካርድ ሲሞላና ከሙከራዎቹ ግማሽ ያህሉ ወይም በላይ ውድቅ ሲሆን ይያዝ። የልጆቹ ካርድ የራሳቸው ስለሆነ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ያልፋል። የተሰረቀ ካርድ ግን አንዱ ታግዷል፣ አንዱ ገንዘብ የለውም፣ አንዱ ቀኑ አልፏል፤ ሌባው የሚሠራውን እየፈለገ ነው።

## ካርዱን ራሱን በምን እንለየው?

ይህን ሳታስተካክሉ ቆጠራ ብትጀምሩ ውጤቱ ያሳስታችኋል። ሙሉ የካርድ ቁጥር አታስቀምጡ፤ ከኋላ ያለውን የ3 አሃዝ ምስጢር ደግሞ በጭራሽ። አንዳንድ ሱቅ በዚህ ምክንያት የመጨረሻዎቹን 4 አሃዞች ብቻ ይዞ ይቆጥራል።

አራት አሃዝ 10,000 ዓይነት ብቻ ነው የሚሆነው። 120 ያህል ካርድ ያለው ሱቅ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ካርዶች አንድ ዓይነት 4 አሃዝ የመያዝ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። 3,000 ካርድ ካላችሁ እንዲህ በአጋጣሚ የሚገጥሙ 450 ያህል ጥንዶች ይኖራሉ። ለአንድ አካውንት ካርድ ለመቁጠር ብዙ አይጎዳም። ሁለት ትዕዛዞችን «በአንድ ካርድ ነው የተከፈሉት» ብሎ ለማገናኘት ግን ንጹሕ ሰው ከሌባ ጋር ያስራል።

ክፍያውን የሚያስኬደው ድርጅት ለእያንዳንዱ ካርድ የማይለወጥ መለያ የሚሰጥ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ። ስትራይፕ ላይ ለምሳሌ ይህ `fingerprint` ይባላል። ከሌለ የመጀመሪያዎቹን 6 አሃዞች፣ የመጨረሻዎቹን 4 እና የሚያበቃበትን ወርና ዓመት አንድ ላይ አጣምሩ። የመጀመሪያዎቹ አሃዞች ካርዱን ያወጣውን ባንክ ስለሚናገሩ በአጋጣሚ መግጠሙ በጣም ይቀንሳል።

## በምን እንቁጠር? አንደኛ፦ ሺት

በቀን ከ30 ትዕዛዝ በታች ላለው ሱቅ ጎግል ሺት ይበቃል። ከሺት የከበደ ሲስተም ልሽጥላችሁ የሚል ሰው ካለ ትንሽ ጠርጥሩት። ሙከራዎቹን በሙሉ አውርዱ፤ በ`A` ጊዜ፣ በ`B` ስልክ፣ በ`C` አካውንት፣ በ`D` የካርድ መለያ። ከዚያ ይህን ጻፉና እስከ ታች ጎትቱት፦

```
=COUNTUNIQUEIFS(D:D, C:C, C2, A:A, ">"&A2-7, A:A, "<="&A2)
```

በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ «ይህ አካውንት ባለፉት 7 ቀናት እስከዚህ ሰዓት ድረስ ስንት የተለያየ ካርድ ሞክሯል?» የሚለውን ይመልሳል። 3 እና ከዚያ በላይ የሆነውን በቀይ አቅልሙት። «እስከዚህ ሰዓት ድረስ» የሚለው ቁልፍ ነው። ወደፊት የመጣውንም ከቆጠራችሁ ሕጉ ከሆነው በላይ ጎበዝ ይመስላችኋል፤ በተግባር ግን ነገን አታዩም።

ሁለት ነገር ይበላሽባችኋል። ሺቱ ስልኩን ቁጥር አድርጎ ስለሚያነበው ከፊት ያለውን 0 ይበላል፤ በ`0042` የሚያበቃ ካርድም 42 ይሆናል። ከመለጠፋችሁ በፊት ዓምዶቹን ወደ ጽሑፍ ቀይሯቸው። ሁለተኛው ሰዓት ነው። የወዳጄ ሲስተም ጊዜ የሚመዘግበው በግሪንዊች አቆጣጠር ነበር። `22:10` የሚለው እኛ ጋ ሌሊት 7 ሰዓት ከ10 ነው። ይህን ሳናይ «ማታ ማታ ነው የሚያዘው» ብለን አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክረናል።

የሺት እውነተኛ ድክመቱ ግን ስሌቱ ላይ አይደለም። ጠዋት አንድ ጊዜ ነው የሚታየው። ባጃጁ ከቀኑ 5 ሰዓት ከወጣ፣ 4 ሰዓት ላይ ያለፈውን ሞባይል ማንም አላየውም። ሱቁ በዓል ሲደርስ በቀን ሁለቴ፣ ባጃጅ ከመነሳቱ በፊት ማየት አለበት።

## ሁለተኛ፦ ዳታቤዙ ላይ የተቀመጠ ሕግ

ትዕዛዙ ሲበዛ ወይም ሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ ስትሸጡ ቆጠራው ክፍያው በሚመጣበት ቅጽበት መሠራት አለበት። ለዚህ ኤስኪውኤል ነው የሚሻለው። ሁለተኛውን ሕግ፣ ማለትም በስልክ 3 ካርድና ግማሽ ውድቅ የሚለውን፣ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ እንዲህ ጽፈነዋል፤ `attempts` የሙከራዎቹ ሠንጠረዥ፣ `card_fp` የካርዱ መለያ ነው፦

```sql
SELECT a.attempt_id, a.phone,
       COUNT(DISTINCT b.card_fp) AS cards
FROM attempts a
JOIN attempts b
  ON b.phone = a.phone
 AND b.created_at <= a.created_at
 AND b.created_at > a.created_at
                   - INTERVAL '7 days'
GROUP BY a.attempt_id, a.phone
HAVING COUNT(DISTINCT b.card_fp) >= 3
   AND COUNT(*) FILTER
       (WHERE b.status = 'declined') * 2
       >= COUNT(*);
```

ሠንጠረዡን ከራሱ ጋር ማጋጠሙ የተጠማዘዘ ይመስላል። መጀመሪያ እኔም `COUNT(DISTINCT ...) OVER` ብዬ ላሳጥረው ሞክሬ ነበር። ፖስትግሬስ ግን በ`OVER` ውስጥ `DISTINCT` አይቀበልም። በ`phone` እና `created_at` ላይ አንድ ኢንዴክስ ከሠራችሁ ለትንሽ ሱቅ ፍጥነቱ አያሳስብም።

ከሺቱ ጋር ሲወዳደር የሚሰጠው ነገር ፍጥነት ብቻ አይደለም። ሕጉን ባለፈው መረጃ ላይ መልሶ መሞከርም ያስችላል። 3 የሚለውን 4 ብታደርጉት፣ 7 ቀኑን 2 ቀን ብታደርጉት ስንት ንጹሕ ሰው ይለቀቃል፣ ስንት ሌባ ያመልጣል? በአንድ ደቂቃ ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የካርድ ባለቤት የማጭበርበር አቤቱታ ለማቅረብ በቪዛም በማስተርካርድም በአብዛኛው እስከ 120 ቀን አለው። ስለዚህ የባለፈው ወር ትዕዛዞች ንጹሕ የሚመስሉት ንጹሕ ስለሆኑ ላይሆን ይችላል፤ አቤቱታው ገና አልመጣም። ወዳጄ ጋ አምስት ሳምንት ፈጅቷል። ሕጋችሁን ስትፈትኑ ከ4 ወር በፊት ባሉት ላይ ፈትኑ። በቅርቡ መረጃ ላይ የፈተነ ሰው የሕጉን ስህተት አብዝቶ ያያል፣ ከዚያም ሕጉን ያላላዋል።

የሕጉ ጥብቅነትም እንደ እቃው ይለያያል። ለማስላት ያህል፣ በ30,000 ብር የሚሸጥ ሞባይል ትርፉ 2,000 ብር ነው እንበል። አንዱ ሲሰረቅ የጠፋው 28,000 ነው። እሱን ለመመለስ 14 ሞባይል መሸጥ ያስፈልጋል፣ የቻርጅባክ ቅጣቱን ሳንጨምር። 1,500 ብር የሚሸጥ ኬክ ትርፉ 500 ከሆነ ግን ሁለት ኬክ ሸጣችሁ ታካክሱታላችሁ። ለሞባይል 2 ካርድ ላይ አቁሙ፤ ለኬክ 4ን ጠብቁ። ሌባም ኬክ አይወድም። የሚፈልገው እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ወስዶ በዚያው ቀን የሚሸጠውን ነው።

## ሦስተኛ፦ ማያያዝ

ሌባው ሲያድግ በየትዕዛዙ አዲስ አካውንት፣ አዲስ ሲም፣ አዲስ ካርድ ይጠቀማል። ያኔ በምንም ብትቆጥሩ መልሱ 1 ነው። ቆጠራ እዚህ ያበቃል። ማያያዝ የሚባለው ዘዴ ትዕዛዞቹን በሚጋሩት ማንኛውም ነገር ይቋጥራቸዋል። በእኛ ጉዳይ ሁለቱ ስልኮችና ሁለቱ አካውንቶች አይገናኙም ነበር። ካርድ ሁለት ግን በመጀመሪያው ስልክ ወድቆ በሁለተኛው ስልክ እንደገና ተሞክሯል። በዚህች አንዲት ክር 11ዱም ሙከራ አንድ እጅ ውስጥ ገባ። ክሯም የተገኘችው ከወደቀ ሙከራ መሆኑን ልብ በሉ።

ደስ ይላል፣ ግን አደገኛ ነው። መጀመሪያ ስሠራው ስልክ፣ ካርድ፣ አድራሻና አይፒ ሁሉንም አያያዝኩ። ውጤቱ የሱቁን ደንበኛ ግማሽ ያህል የያዘ አንድ ትልቅ ቡድን ሆነ። ምክንያቱን ስፈልግ ሁለት አገኘሁ። አንዱ አይፒ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ሰው በአንድ አይፒ ስለሚያወጣ የማይተዋወቁ ሰዎች ጎረቤት ይመስላሉ። ሌላው ሐረር ነው። ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ለአንድ ኬክ መኪና አይወጣም፤ እቃው በሚኒባስ ይሄድና ፈረስ መጋላ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ይቀበላል። የብዙ ሰው እቃ በዚያ ባለ ሱቅ ስልክ ነው የሚመዘገበው። አንድ ስልክ፣ አንድ አድራሻ፣ ስልሳ ካርድ። በስሌቱ የሐረርጌ ትልቁ ሌባ እሱ ሆኖ አረፈው።

መድኃኒቱ ይህ ነው። ከ10 በላይ ሰው የሚጋራውን ማንኛውንም ነገር ለማያያዣ አትጠቀሙበት። የታወቁ መቀበያ ቦታዎችን በስም ዝርዝር አውጧቸው፤ ለእነሱ የመጨረሻውን ተቀባይ ስልክ በሌላ ዓምድ ጠይቁ። አይፒን ተዉት። ካርድ፣ ስልክና የከፋዩ መሣሪያ መለያ ከቀሩ ቡድኖቹ ትንንሽና ሰው አይቶ የሚፈርድባቸው ይሆናሉ።

ይህ ዘዴ ለየቀኑ ማገጃ አይሆንም ባይ ነኝ። ቻርጅባክ ሲመጣ «ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ምን አለ?» ብሎ ለመቆፈር ነው የሚጠቅመው። አንድ ጊዜ በወር፣ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

## የክፍያ ድርጅቱ ራሱስ?

ክፍያ አስኬጁ የራሱ የአደጋ ነጥብ ሊኖረው ይችላል። ካርዱ ሌላ ሱቅ ላይ ምን እንዳደረገ ስለሚያይ እናንተ የማታዩትን ያያል። የማያየው አራት ልጆች ለአንዲት እናት እንደሚልኩ ነው። የከፋይን አድራሻ ከባንክ ጋር የሚያመሳክረው ምርመራም በዋናነት ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለእንግሊዝ ካርዶች ነው የሚሠራው፤ ሳቢያን ስላለው በር ምንም አይልም።

አንድ መሣሪያ ግን ካለ እንዳታልፉት። ባንኩ ለካርዱ ባለቤት በስልኩ ኮድ ልኮ ወይም በመተግበሪያው አረጋግጦ የሚያሳልፍበት አሠራር አለ፤ ስሙ ስሪ ዲ ሴኪዩር ነው። በዚህ ያለፈ ክፍያ «እኔ አልገዛሁም» ከተባለበት ኪሳራው በአብዛኛው ከሱቁ ወደ ካርዱ ባንክ ይዞራል። ለሁሉም ትዕዛዝ ብታበሩት አንዳንድ ደንበኛ ሰልችቶ ጥሎ ይሄዳል። ሕጋችሁ ለያዛቸው ብቻ አብሩት።

## ወዳጄ ምን መረጠ?

በቀን 20 ያህል ትዕዛዝ ነው ያለው፤ በበዓል ሰሞን ሦስት እጥፍ ይሆናል። አድራሻ ላይ የነበረውን ሕግ ሙሉ በሙሉ አጠፋነው። ለምግብና ለበግ ሺቱ ቀረ። ለሞባይል ሁለቱ ሕጎች ዳታቤዙ ላይ ገቡ። ማያያዙን እኔ በወር አንዴ እሠራለታለሁ፤ ክፍያዬ ጨብስና ሻይ ነው።

የተያዘ ትዕዛዝ ላይ የሚያደርገውም ተቀየረ። ድሮ የሚደውለው ለተቀባዩ ነበር። ተቀባዩ ሌባው ከሆነ ግን «አዎ፣ የኔ ነው፣ አምጣው» ነው የሚለው። አሁን ለከፋዩ የማረጋገጫ ሊንክ ይልካል። እውነተኛ ልጅ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል። በ24 ሰዓት ካልተመለሰ ገንዘቡን ራሱ ወደ ካርዱ ይመልሳል። ቀድሞ የተመለሰ ገንዘብ ላይ ቻርጅባክ የመምጣቱ ነገር እጅግ ይቀንሳል፤ ቅጣቱም ይቀራል።

ባለፈው መውሊድ እናትየው እንደገና መጡ፤ ዘንድሮ አምስት ካርድ ነው። አንድ የወንድም ልጅ ተጨምሯል። ሺቱ ላይ የአምስቱም አካውንት መስመሮች 1 ይላሉ። አንደኛው ልጅ የካርዱን ቀን ተሳስቶ አንድ ጊዜ ወድቆበታል። ከስድስት ሙከራ አንድ ስለሆነ ግማሽ ውድቅ የሚለው ሁለተኛው ሕግም ቢሆን አይነካውም ነበር። የዴሊቨሪው ልጅ ደወለ፣ «እናቴ፣ በሩ ላይ ነኝ» አለ፣ አስረክቦ ተመለሰ።